በጾም ለምን ይበርደናል? ረሃብና የሰውነት ሙቀት ስለሚገናኙበት ቦታ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ረሃቡ ሊደፋኝ ይደርሳል፣ 6 ሰዓት ገደማ ግን ምንም እንዳልነበረ ይጠፋል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ እንኳ መቀስ የያዘው ጣቴ በረዶ ነው። ዘንድሮ ከ72 ኪሎ ወደ 67 ወርጄ ነበር፣ ሰኔ ሳይገባ ተመለሰ። አንዱ ጨጓራህ ጠቦ ነው ይለኛል፣ ሌላው ደም አንሶህ ነው ይላል፣ እናቴ ደግሞ ወባ ነው ብላ ፓራሲታሞል ትሰጠኛለች። የቱ ነው?»

መልስ፦ ጨጓራህ አይደለም። ደም ማነስና ወባ በምርመራ የሚጣሩ ነገሮች ናቸው፣ ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ። የነገርከኝ ግን በደንብ ሲታይ ሦስት ችግር አይደለም፣ አንድ ነው። ረሃብህ፣ ብርድህና የተመለሰው ኪሎህ የሚዘወሩት ከአንድ ቦታ ነው። ሃይፖታላመስ ይባላል። አንጎል ሥር፣ ከአፍንጫህ አናት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተቀመጠ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ 4 ግራም ገደማ የሚመዝን ሥጋ ነው። የሚገባውን ምግብና የሚወጣውን ሙቀት እንደ አንድ ሒሳብ ነው የሚይዘው። ገቢው ሲያንስ ወጪውን ይቀንሳል። ብርዱ ማለት የተቀነሰው ወጪ ነው።

መጀመሪያ ጨጓራውን እናንሳ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጨጓራ የሚለጠጥ ከረጢት ነው፣ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከተበላ የመያዝ አቅሙ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን 4 ሰዓት ላይ ሰፍቶ 6 ሰዓት ላይ የሚጠብ ጨጓራ የለም። የሆድ ጩኸቱም ቢሆን ረሃቡ ራሱ አይደለም። በፈረንጆቹ 1912፣ ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ካነን የሚባል የሐርቫርድ ፊዚዮሎጂስት ዋሽበርን የተባለ ረዳቱን ፊኛ አስውጦ የጨጓራውን መኮማተር ለክቶ ነበር። መኮማተሩና የረሃብ ስሜቱ አብረው ስለመጡ «ረሃብ ማለት የጨጓራ መኮማተር ነው» ብሎ ደመደመ። በኋላ ግን በቀዶ ሕክምና ጨጓራቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎችም እንደሚርባቸው ታየ። ባዶ ሆድ በየሰዓት ተኩሉ ወይ በየሁለት ሰዓቱ ራሱን የሚጠርግ የመኮማተር ማዕበል አለው፣ የምትሰማው ጩኸት በአብዛኛው እሱ ነው። ረሃቡን የሚያውጀው አንጎል ነው።

አዋጁ የሚወጣበት ቦታ ሃይፖታላመስ ወለሉ ላይ ያለ አርኩዌት የሚባል ክፍል ነው። እዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንዶቹ በሚያመነጩት ኬሚካል ስም ኤጂአርፒ ይባላሉ፣ እኔ የረሃብ ሕዋሳት እላቸዋለሁ። ሌሎቹ ፖምክ ይባላሉ፣ የጥጋብ ሕዋሳት ልበላቸው። ሁለቱም መልእክታቸውን የሚልኩት በአብዛኛው ወደዚያው ወደ አንድ ጣቢያ ነው፣ ፓራቬንትሪኩላር ወደሚባለው። እዚያም ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ላይም አንድ ዓይነት ተቀባይ በር አለ። የጥጋብ ሕዋሳት በሩን ይከፍታሉ፣ ሰውየው መብላት ያቆማል፣ ሰውነቱም ጉልበት ማቃጠል ይጨምራል። የረሃብ ሕዋሳት ያንኑ በር ይዘጋሉ። እና ልብ በል፣ በሩ ሲዘጋ የሚሆነው የምግብ ፍላጎት መጨመር ብቻ አይደለም፣ የሚቃጠለው ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። ብርድህ የሚጀምረው እዚህ ነው።

የእነዚህ ሕዋሳት ኃይል ምን ያህል እንደሆነ በ2011 በአይጥ ላይ ታይቷል። ተመራማሪዎች የረሃብ ሕዋሳትን ብቻ በብርሃን የሚቀሰቅሱበት ዘዴ ሠሩ። ጠግባ የተኛች አይጥ፣ ብርሃኑ ሲበራ በደቂቃዎች ውስጥ ተነስታ እንደ ተራበች ትበላለች። ሲጠፋ ታቆማለች። በሌላ ሙከራ ደግሞ በአዋቂ አይጥ ውስጥ እነዚህን ሕዋሳት ሲያጠፏቸው አይጧ ምግብ ፊቷ እያለ መብላት አቆመች። ስለዚህ 4 ሰዓት ላይ «ሊደፋኝ ይደርሳል» ስትል አምንሃለሁ፣ የፈቃድ ድክመት አይደለም።

አሁን ለምን 4 ሰዓት? ለምንስ ሳትበላ ይጠፋል? ባዶ ጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፣ በ1999 ጃፓን ውስጥ የተገኘ ነው። ግሬሊን በደም በኩል ሄዶ የረሃብ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። ሰው ልማዱን ካወቀ ግሬሊን ምግብ እስኪጠፋ አይጠብቅም፣ ከለመዱት የመብያ ሰዓት ቀደም ብሎ ይነሳል። ደሙ ቀኑን ሙሉ እየተቀዳ ሲለካ፣ የጾመ ሰውም ቢሆን በቁርስ፣ በምሳና በእራት ሰዓቱ ግሬሊኑ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ምንም ሳይቀመስ ይወርዳል። ያንተ 4 ሰዓት ምን እንደሆነ ልገምት፦ ጾም ባልሆነበት ወር የሱቅህ ሻይና አምባሻ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሰውነትህ የሚጠብቀው እሱን ነው፣ ሲቀር ማዕበሉ ያልፋል። 6 ሰዓት ላይ ጠግበህ አይደለም፣ ማዕበሉ ስላለፈ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ከሆነ ይሄ ማዕበል በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አዲሱ ሰዓት እየተሸጋገረ ይሄዳል። አንድ ቀን 7 ሰዓት አንድ ቀን 10 ሰዓት እህል የሚቀምስ ሰው ነው ሁዳዴውን ሙሉ የሚሠቃየው።

የረሃብ ሕዋሳቱ ሌላም የሚገርም ጠባይ አላቸው። በ2015 የወጣ ሥራ ነው። የተራበች አይጥ ምግቡን ገና ስታየውና ስታሸተው፣ አንድም ሳትቀምስ፣ የረሃብ ሕዋሳቷ በሰከንዶች ውስጥ ጸጥ ይላሉ። «ሊመጣ ነው» ብለው አስቀድመው ሒሳቡን ይዘጋሉ። ምግቡ ተነስቶ ካልተበላ ግን በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይጮኻሉ። ከተበላ ደግሞ ጨጓራ ሲለጠጥና አንጀት ምግቡን ሲቀምስ የሚላከው ምልክት ጸጥታውን ያጸናዋል። ስለዚህ ዛሬ የበላኸው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ መጀመሪያ በግምት፣ ቀጥሎ በማረጋገጫ። ከሁለቱ በላይ ደግሞ በሳምንታት የሚቆጠር ሦስተኛ ምልክት አለ፣ ያንተን ጉዳይ የሚፈታውም እሱ ነው።

እሱ ሌፕቲን ነው። ሌፕቲን የሚመጣው ከስብ ሕዋሳት ነው። ስብ ሲበዛ ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል፣ ለሃይፖታላመስ «ጎተራው ውስጥ ይሄን ያህል አለ» ብሎ ይነግረዋል። የጥጋብ ሕዋሳትን ያነቃል፣ የረሃብ ሕዋሳትን ያፍናል። በቂ ካልበላህ ግን ሌፕቲን ከስቡ ቀድሞ ይወርዳል። ጎተራው ገና ብዙም ሳይጎድል፣ በቀናት ውስጥ ምልክቱ ደብዝዞ ሃይፖታላመስ ክፉ ዘመን የመጣ ይመስለዋል።

ምልክቱ ጨርሶ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያሳየች አንዲት አይጥ አለች። በ1949 አሜሪካ ሜይን ግዛት ባለ ላቦራቶሪ ውስጥ በተፈጥሮ ጉድለት የተወለደች፣ ያለማቋረጥ የምትበላና ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ የምትወፍር ዓይነት ናት። በ1994 የፍሪድማን ቡድን የጎደላት ሌፕቲን መሆኑን አወቀ። ብዙ ሰው ስለ ውፍረቷ ብቻ ነው የሚያወራው። እኔ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ ያን ሁሉ ስብ ተሸክማ ለምን ይበርዳታል? የሰውነቷ ሙቀት ከሌሎቹ በታች ነው፣ 4 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ስትገባ በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። ስብ ሞልቷታል፣ አንጎሏ ግን አያየውም። በአንጎሏ ዓይን የምትራብ አይጥ ናት፣ የሚራብ ደግሞ ማገዶ አያባክንም። ሌፕቲን ሲወጋት መብላቷን ትቀንሳለች፣ ሙቀቷም ይነሳል። ከአንድ ሆርሞን ሁለቱም። ረሃብና ሙቀት በአንድ ሒሳብ እንደሚያዙ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በሰውም ታይቷል። ከ1945 የካቲት ጀምሮ አሜሪካ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ፊዚዮሎጂስት 36 ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞችን ለስድስት ወር በግማሽ ራሽን አኖራቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። እዚያ የሙቀት ወር በሆነው በሐምሌ ብርድ ልብስ ጨምሩልን ይሉ ነበር። ያንተ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፣ አቅጣጫው ግን አንድ ነው።

ወደ ጣትህ እንምጣ። ያንተ ዓይነት ሰው በእረፍት ላይ ሆኖ በቀን 1,600 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፣ ይሄ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ወደ ኤሌክትሪክ ብንቀይረው 75 ዋት ገደማ፣ የድሮው ክብ አምፖል እንደማለት። ሌፕቲን ሲወርድ ሃይፖታላመስ አምፖሉን ያደበዝዘዋል። አንዱ መንገድ በታይሮይድ በኩል ነው፦ አንገት ላይ ላለችው እጢ የሚሄደው ትእዛዝ ይቀንሳል፣ ሕዋሳትን የሚያሞቀው የታይሮይድ ሆርሞንም ይወርዳል። ሌላው በነርቭ በኩል ነው፣ የልብ ምት ዝግ ይላል። በዚህ ላይ 8 ሰዓት ላይ ስትሆን ምግብ ከቀመስክ ከ16 ሰዓት በላይ ሆኖሃል፣ ምግብ ሲፈጭ የሚገኘው ሙቀትም የለም። ሥራህ ደግሞ ቁጭ ብሎ ነው። እግርህ የመኪናዋን ፔዳል ይነካል እንጂ ትልልቁ ጡንቻህ አይሠራም።

የሚመረተው ሙቀት ሲያንስ የሚወጣውን መቆጠብ ግድ ይሆናል። ይሄን የሚወስነው ከአርኩዌት ትንሽ ወደ ፊት ያለው ፕሪኦፕቲክ የሚባለው ክፍል ነው። የደምህን ሙቀት በቀጥታ የሚለኩ ሕዋሳት አሉት፣ ከቆዳህም በአከርካሪና በአንጎል ግንድ በኩል ወሬ ይደርሰዋል። የቆዳው ወሬ ከውስጡ ይቀድማል። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ቀዝቃዛው አየር ፊትህን ሲነካው ደምህ ገና አንድ ነጥብ አልቀዘቀዘም፣ የእጅህ ደም ሥሮች ግን ወዲያው ይጠባሉ። የረሃብ ሕዋሳት ምግቡን አይተው ሒሳቡን እንደሚዘጉት ይሄም በግምት ቀድሞ ይሠራል። ሚዛን ጠባቂ ሥርዓት ከጎደለ በኋላ የሚሞላ ብቻ አድርገው የሚያስተምሩ መጻሕፍት ይሄን ግማሹን ይረሱታል።

እጅና እግር የሰውነት ራዲያተር ናቸው። ደም ሲበዛባቸው ሙቀት ይረጫሉ፣ ደም ሥሩ ሲጠብ ይዘጋሉ። ስለዚህ በረዶ የሆነው ጣትህ የተበላሸ ነገር ምልክት አይደለም፣ ልብህና ጉበትህ 37 ዲግሪ አጠገብ እንዲቆዩ የተዘጋ በር ነው። ፀሐይ ላይ መቀመጥህ፣ ጋቢ መደረብህ ራሱ ከዚያው ክፍል የሚመጣ ትእዛዝ ነው። ከሁሉም ርካሹ ሙቀት እሱ ነውና፣ ምንም ካሎሪ አይጠይቅም።

እናትህ የፈሩት ነገር ግን ከንቱ አይደለም፣ ምክንያቱም ትኩሳት ሲጀምርም ሰው በትክክል እንዲህ ይላል፦ በረደኝ፣ እጄ ቀዘቀዘ። ልዩነቱ እዚህ ነው። በኢንፌክሽን ጊዜ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ፕሪኦፕቲክ ላይ ደርሶ የሚፈለገውን ሙቀት ከ37 ወደ 39 ይሰቅለዋል። ደምህ ገና 37 ነው፣ ማዘዣው ግን 39 ይላል። ስለዚህ አንጎልህ ሁለት ዲግሪ የጎደለ መስሎት ደም ሥር ይዘጋል፣ ያንቀጠቅጥሃል፣ ብርድ ልብስ ያስጎትትሃል። 39 ሲደርስ ብርዱ ይቆማል። በሽታው ሲበርድ ማዘዣው ይወርድና ላብ ያጠምቅሃል። ፓራሲታሞል የሚሠራው የዚያን ኬሚካል መመረት ቀንሶ ነው። በጾም ብርድ ውስጥ ያ ኬሚካል የለበትም፣ ስለዚህ ክኒኑ ምንም አያሞቅህም። በባዶ ሆድ ለሳምንታት መዋጡም ትክክል አይደለም፣ ተወው።

ሁለቱን የሚለየው ቴርሞሜትር ነው፣ እጅ ግንባር ላይ ማስቀመጥ አይደለም። ብርድ ብርድ ሲልህ ብብትህ ውስጥ አስቀምጥ፣ እስኪጮህ ወይም ባለ መስታወቱ ከሆነ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠብቅ። የጾም ብርድ ከሆነ 36 አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ ይላል። 37.5ና ከዚያ በላይ ካነበበ ትኩሳት ነው፣ ጾሙን አትውቀስ። በተለይ በቅርብ ሳምንታት ወደ መተማ፣ ቋራ ወይም ሁመራ ወርደህ ከነበረ በዚያው ቀን የወባ የደም ምርመራ አድርግ። ጎንደር ከተማ ከፍታ ላይ ናትና እዚህ ወባ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከቆላ ሲመለሱ ነው። መጀመሪያ ሲያንቀጠቅጥ ቴርሞሜትሩ ገና ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገመው።

አሁን ኪሎውን እንቁጠር። 5 ኪሎ ወረድክ። ከዚህ ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል ያህሉ ውሃ፣ ከጉበትና ከጡንቻ የወጣ የስኳር ክምችትና የአንጀት ይዘት ነው ብለን እንውሰድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሄደው እሱ ነው። የቀረው 3.5 ኪሎ በአብዛኛው ስብ ቢሆን፣ አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ 27,000 ካሎሪ ይሆናል። ለ55 ቀን ሲካፈል በቀን 490። ከአንድ ሙሉ እንጀራ ብዙም አይርቅም። በየቀኑ ይሄን ያህል አጉድለህ ነበር ማለት ነው፣ ሃይፖታላመስህ ያየው ይሄንን ነው።

መመለሱ ላይ ሁሉም ሰው «ሰውነቴ ማቃጠል አቁሞ ነው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው፣ ያውም ትንሹ ግማሽ። ይሄ የተለካው በስኳር ሕመምተኞች ነው፤ በሽንት ስኳር የሚያስወጣ መድኃኒት ሲወስዱ ሳይታወቃቸው ካሎሪ ይወጣባቸው ነበር። ከሒሳቡ የወጣው እንዲህ ነው፦ ሰው በቀነሰው በእያንዳንዱ ኪሎ የሚያቃጥለው በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን በ100 ካሎሪ ይጨምራል። ባንተ 3.5 ኪሎ ስናሰላው ያነሰው ወጪ ቢበዛ 100 ካሎሪ ገደማ ነው፣ የጨመረው ፍላጎት 350 ነው። እና ይሄ ፍላጎት የፋሲካ ዶሮና ቅቤ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቀዋለህ። ኪሎውን የመለሰው የቀዘቀዘ ምድጃ ብቻ አይደለም፣ በሩ ገና የተዘጋ የጥጋብ ጣቢያ ነው። የጎደለው እስኪሞላ «ይበቃል» የሚለው ድምፅ ዘግይቶ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ስለ ሕዋሳቱ የነገርኩህ አብዛኛው ከአይጥ የመጣ ነው። አይጥ ትንሽ ናት፣ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፣ ብርድና ረሃብ ሲገጥማት ሙቀቷን ብዙ ዲግሪ ጥላ እንደ መደንዘዝ ማለት ትችላለች። ሰው እንዲህ አያደርግም። የኛ ቅናሽ የዲግሪ ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትርህ 34 ካነበበ በጾም አታሳብበው። እንዲሁም «የሌፕቲን መርፌ ልወጋ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይሆንም፣ መርፌው የሚረዳው ከተፈጥሮ ሌፕቲን ለሌላቸው ወይም የስብ ሕዋስ ለጎደላቸው ጥቂት ሰዎች ነው።

እንግዲህ ምክሬ። ጾሙን መተው አያስፈልግህም፣ የምታጎድለውን 490 ካሎሪ ግን ግማሹን መልስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ በልተህ እስከ ነገ አትቁም፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ድገም። ዘጠኝ ሰዓቱንም አታዛንፈው፣ ግሬሊን የሚለምደው ሰዓት ነው። በሁለቱም ማዕድ ላይ ጥራጥሬ ይኑር፣ ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ፣ ዘይቱን አትሰስት፣ ሱፍ ወይም ተልባ ጨምርበት። እንጀራ በአዋዜ ብቻ በልቶ ማደር ነው ሳምንት ሦስት ላይ የሚያበርድህ።

ለጣትህ ደግሞ ጣትህን አታሙቅ፣ ደረትህን አሙቅ። ከሸሚዙ ሥር ሹራብ ልበስ፣ ወይም ጋቢውን ትከሻህ ላይ ጣል። ፕሪኦፕቲክ ውስጡ እንደሞቀ ሲያምን የእጅ ደም ሥሮችን ራሱ ይከፍታቸዋል። በየሰዓቱ ተነስተህ ፒያሳን አንድ ዙር ዞረህ ተመለስ፣ ትልቁ ጡንቻ ሲሠራ ያሞቃል። የተቀጣጠለ ከሰል ዘግተህ በምትሠራበት ሱቅ ውስጥ እንዳታስገባ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ከፋሲካ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ላይ ነው ጥንቃቄው። የምግብ ፍላጎትህ ያኔ ከሚያስፈልግህ በላይ እንደሚሆን አስቀድመህ እወቅ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ተመዘን። የመጀመሪያው ኪሎ ተኩል ቶሎ ይመለሳል፣ ውሃ ነው፣ አትደንግጥ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ እየጨመርክ ከሆነ ማታ ያለውን ማዕድ ቀንስ። ቁመትህን አልነገርከኝም። 1.70 ሜትር ከሆንክ 67ም 72ም ጤናማ ክብደት ውስጥ ናቸው፣ 72 ግን የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ረጅም ከሆንክ የተመለሰው ኪሎ ይመለስ የሚገባው ነው፣ ተወው።

ደም ማነሱን በግምት አታውጣው፣ ሄሞግሎቢን ቀላል ምርመራ ነው፣ አሠራው። ብርዱ ፋሲካ አልፎ አራት ሳምንት በደንብ እየበላህ ካልተወህ፣ ወይም የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅና አንገት ላይ እብጠት ከተጨመረ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቅ። ምርመራውን በጾሙ መሀል አታድርገው፣ ሆርሞኑ በጾሙ ምክንያት ዝቅ ብሎ ሊያደናግር ይችላል። ይሄን የሚያነብ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ደግሞ ምክሩ ለእርሱ አይደለም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ረሃብ፣ ቀዝቃዛ ላብና መንቀጥቀጥ አብረው ከመጡበት ስኳሩ ወርዷል፣ ዘጠኝ ሰዓትን ሳይጠብቅ ወዲያው ስኳር ይቅመስ። ከመጾሙ በፊትም ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያነጋግር።

በሚቀጥለው ሁዳዴ ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምረህ ቀን 8 ሰዓት ላይ ብብትህን ለካና መስፊያ መኪናህ አጠገብ ባለው ደብተር ላይ ጻፍ፣ ከጎኑ እጅህ ቀዝቅዞ እንደሆነና እንዳልሆነ። ሳምንት ሦስት ላይ ቁጥሩ ጥቂት ነጥብ ብቻ ወርዶ ከታየ የነገርኩህ ነው። ከ35 በታች ከሆነ ግን በሌላ ቴርሞሜትር ድገመው፣ ሁለተኛውም ያንኑ ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ።